ስም እንደ ፍንጭ፦ የገጸ ባሕርያት ስያሜ በአማርኛ ልቦለድ

በአማርኛ ልቦለድ የገጸ ባሕርያት ስያሜ ደራሲው የአንድን ሰው ጠባይ፣ ዕጣ ወይም የተሰወረ ትውልድ በግልጽ ሳይናገር ለአንባቢ የሚጠቁምበት ዘዴ ነው። ዘዴው በአማርኛ የተለየ መልክ አለው። ብዙው ስማችን ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነውና ተናጋሪም አድማጭም አለው። ተናጋሪው ደግሞ ባለስሙ ሳይሆን ወላጁ ነው። ሽፈራው ሲባል ወላጅ ስለ ልጁ ለሌላ ሰው «ሺህ ፈራው» እያለ ነው፤ ስንታየሁ ስትባል እናት ወይም አባት ያሳለፉትን መከራ እየቆጠሩ ነው። ስለዚህ በልቦለድ ውስጥ የአንድን ሰው ስም ለመመርመር ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ስሙን ማን አለው? ለማን አለው? ሲለው ምን ደርሶበት ነበር? ጥሩ ደራሲ የሚሠራው በወላጅ ቃልና በልጁ ሕይወት መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ልቦለዶች ይህ ርቀት ጠባብ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» በኋላ በዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም «ጦቢያ» እየተባለ ታወቀ። ጦቢያ ሕዝቡ ኢትዮጵያን የሚጠራበት ስም ነው። ልጅቱ እንደ ወንድ ለብሳ ማንነቷን ትሰውራለች፤ መጨረሻ ላይ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል። ልብሷ ሴትነቷን ቢሸሽግም ስሟ ግን ታሪኩ ስለ አንዲት ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ለአንባቢው ይነግረዋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ደግሞ ባለታሪኩን አወቀ ይለዋል። አወቀ አውሮፓ ተምሮ ይመለስና የአገሩን ልማድ ለማሻሻል ይጥራል። እዚህ ስምና ጠባይ አንድ ናቸው። ዓላማው ማስተማር ለሆነ መጽሐፍ ይህ ይስማማል፤ ችግሩ አንባቢው ከስሙ አልፎ የሚያገኘው አዲስ ነገር ማነሱ ነው።

ርቀቱን በሚገባ ያሰፋው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የጎጃምን ስሞች እንደወትሮው ይዞ፣ አንዳቸውንም ለልቦለድ የተፈጠሩ ሳያስመስል ሥራ ላይ ያውላቸዋል። ከሁሉ በፊት በዛብህን እንይ። በዛብህ የተለመደ የወንድ ስም ነው። ወላጅ ሲያወጣው የሚናገረው ብዙ ጊዜ ለባላንጣ ነው፤ «ወገኔ በዛብህ፣ እንግዲህ አትችለኝም» ማለቱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይህ ልጅ ገና በሕፃንነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። ካደገ በኋላ ከባላባት ቤት ሊያስተምር ይገባል፤ የሚያስተምራትን ሰብለ ወንጌልን ይወድዳል፤ ስለቱ ከአንድ ወገን፣ የዘር ልዩነቱ ከሌላ ወገን ይይዘዋል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ስሙ ለባላንጣ የተባለ መሆኑ ይቀርና ለራሱ ለልጁ የተባለ ይመስላል። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው አድማጩ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻም እንዲሁ ናቸው። መሸሻ ማለት ሰው ክፉ ቀን ሲመጣበት የሚጠጋበት ነው፤ ወላጅ ልጁ ለቤተሰቡ መጠጊያ እንዲሆን ሲመኝ የሚያወጣው ስም ነው። በልቦለዱ ገበሬው ወደ እሳቸው አይሸሽም። ግብርና መዋጮ እየጨመሩበት ከእሳቸው ይሸሻል፤ ኋላም ይነሣባቸዋል። የገበሬዎቹ መሪ ደግሞ አበጀ በለው ይባላል። በአገራችን ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ስለዚህ የልጅና የአባት ስም ሲገጥሙ ሌላ ዐረፍተ ነገር ሊወልዱ ይችላሉ። «አበጀ በለው» ለብቻው ሲነበብ «ደግ አደረገ በለው» የሚል የሙገሳ ቃል ነው። ደራሲው ስለ ዐመፁ አስተያየቱን በተራኪው አፍ ሳያስገባ በዚህች የስም ጥንድ ሊያስገባት መቻሉ ከመጽሐፉ ብልሃቶች ሁሉ የሚያስደንቀው ነው።

በዚያው መጽሐፍ ያለው ጉዱ ካሣ ሌላ መንገድ ያሳያል። ትክክለኛ ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው። ካሣ ላለፈ ጉዳት ምትክ ሆኖ የመጣ ልጅ ስም ነው፤ «ጉዱ» ደግሞ ከማኅበረሰቡ ሥርዓት ጋር ስለማይስማማ ሰዎች የለጠፉበት ነው። በአንድ መጠሪያ ውስጥ ሁለት ስም አውጪዎች አሉ፦ ቤቱ እንደ ካሣ ተቀበለው፣ አገሩ እንደ ጉድ ገፋው። አንባቢው ንግግሩን ሲሰማ ጉዱ እሱ ነው ወይስ አገሩ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚህ ቅጽል አንድ ጠቃሚ ሕግ ይወጣል። ልጆች ሞተውበት የተረፈውን ከክፉ ዓይን ለመሰወር ካልሆነ በቀር ወላጅ ለልጁ ክፉ ስም ሆን ብሎ አያወጣለትም። ደራሲ የሰውን መጥፎ ጠባይ በስም ሊጠቁም ቢፈልግ የሚገባበት በር ቅጽል ስም፣ የፈረስ ስም ወይም መልካሙን ስም በሥራ መገልበጥ ነው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ለዚህ የተለየ አብነት ነው። አደፍርስ እንደ ወላጅ ቃል የጀግና ስም ነው፤ ጠላትን አተራምስ ማለት ነው። መጽሐፉ ግን ስሙን ገጠር ለወረደ፣ ያገኘውን ሁሉ ለሚሞግት ወጣት ተማሪ ይሰጠዋል፤ የሚደፈርሰውም የጠላት ጦር መሆኑ ይቀርና የገዛ አገሩ የረጋ ኑሮ ይሆናል።

የተሰወረ ትውልድን ለመጠቆም አማርኛ የተዘጋጁ ስሞች አሉት። ምትኩ፣ ካሣሁን፣ ማስረሻ ከሚባሉ ልጆች በፊት ብዙ ጊዜ የጠፋ ሰው አለ። ደራሲው ባለታሪኩን ምትኩ ብሎ ስለቀደመው ሟች ምንም ካልተናገረ፣ አስተዋይ አንባቢ ምስጢሩን መጠበቅ ይጀምራል። ስለዚህ ስሙ በከንቱ መሰጠት የለበትም፤ ካልተፈታ አንባቢው እንደ ተረሳ ክር ይቆጥረዋል። የአያቱን ስም እንደ አባት ስም ይዞ የሚጠራ ልጅ ደግሞ አባቱ እንደሌለ ወይም እንዳልተቀበለው ሊያሳብቅ ይችላል። በክርስቲያን ቤተሰብ የክርስትና ስምም አለ፤ በቤተ ክርስቲያን እንጂ በሰፈር ስለማይጠራ፣ አንድ ሰው ሲሞት ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው ስም ለጎረቤት እንግዳ ሊሆን ይችላል። ማንነቱን ደብቆ የኖረን ሰው ለመግለጥ ከዚህ የተሻለ ተፈጥሯዊ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ስያሜው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዘመኑና አገሩ ሲዘነጉ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገጠር የተወለደች ገበሬ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከተማ የተለመደ ስም ብትይዝ አንባቢው ፍንጩን ትቶ ስሕተቱን ያያል። ሌላው ብልሽት የሁሉም ገጸ ባሕርይ ስም ትርጉም እንዲጭን ማድረግ ነው፤ አሥር ሰው አሥር ምሳሌያዊ ስም ከያዘ አንዱም አይሰማም። ጥቂቶቹ እንዲሰሙ የቀሩት ተራ መሆን አለባቸው።

አንባቢም ከልክ ያልፋል። የአማርኛ ስም ሁሉ ትርጉም ስላለው፣ ትርጉም መገኘቱ ብቻ ደራሲው አስቦበታል አያሰኝም። ቦጋለ መብራቱ የበዛብህ አባት ስም ነው፤ ስለ ብርሃን ብዙ መተርጎም ይቻላል፤ ሆኖም መጽሐፉ ስሙን ካላነሣው፣ ካልገለበጠው ወይም ከክስተት ጋር ካላጋጨው ትርጓሜው የአንባቢው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጠንካራ ማስረጃ የሚሆነው ተራኪው ወይም ሌላ ሰው በስሙ ሲጫወት፣ ስም የማውጣት ትዕይንት ሲኖር ወይም መጠሪያው በታሪኩ መካከል ሲለወጥ ነው። የጉዱ ካሣ ስም ይህን ፈተና ያልፋል፤ የበዛብህ በከፊል፤ የቦጋለ ግን አያልፍም።