ለአማት፣ ለጓደኛ፣ ለሁለት ብቻ፦ የጥንዶች የጊዜ ድርድር

የጥንዶች የጊዜ ድርድር ባልና ሚስት ከሥራ የተረፋቸውን ጊዜ ለሁለቱም ወገን ቤተሰብ፣ ለጓደኞችና ለራሳቸው የሚያካፍሉበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ ድርድር መሆኑም አይታወቅም። አንዱ ስልክ ያነሳል፣ «እሺ፣ እንመጣለን» ይላል። በቃ፣ ቅዳሜዋ አለቀች።

ጥያቄው ከትዳር ጋር አብሮ የኖረ ቢሆንም በጥናት የተዳሰሰው ዘግይቶ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ኤሊዛቤት ቦት እ.ኤ.አ. በ1957 የ20 የለንደን ቤተሰቦችን ጥናት አሳተመች። የጥንዶቹ ዘመዶችና ጓደኞች እርስ በርስ በደንብ በሚተዋወቁበት ቤት፣ ባልና ሚስት ሥራውንም መዝናኛውንም ለየብቻ የማድረግ ዝንባሌ እንዳላቸው ታዘበች።

በደንብ የተመዘገበው ክፍል የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን 373 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ለረጅም ጊዜ ክትትል ተመዘገቡ። ጥናቱን ለዓመታት የመራችው ቴሪ ኦርቡክ ናት። ከሁሉም በላይ ያነጋገረው ግኝት የአማቶች ጉዳይ ነው። ባል ከሚስቱ ወላጆች ጋር ቅርበት እንዳለው በተናገረበት ትዳር የመፋታት ዕድሉ በ20 በመቶ ያነሰ ነበር። ሚስት ከባሏ ወላጆች ጋር ቅርብ ነኝ ባለችበት ግን በ20 በመቶ የጨመረ ሆነ። ኦርቡክ እንደምታብራራው፣ ሚስት በጣም ስትቀራረብ ድንበር ማበጀት ይከብዳታል፤ የአማቷ ምክርም ጣልቃ ገብነት ሆኖ ይሰማታል። ማብራሪያው አሳማኝ ነው። ሆኖም ጥናቱ ተዛምዶን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። «ከአማትሽ ራቂ» የሚል ትእዛዝ አድርገው የሚጠቅሱት ሰዎች ያልተባለውን እያሉ ነው።

ቁጥሮቹ ግን ለፊታችን እሁድ ምን እንደሚደረግ አይነግሩም። ለዚህ ጥያቄ የትዳር አማካሪዎች ልምድ ይሻላል፤ ሙያው ሊመሰገንበት የሚገባው ቦታም ይኸው ነው። ለምሳሌ ሁለቱም ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠሩ ጥንዶችን እንውሰድ። እሁድ ሁሌም ምሳ እሷ ወላጆች ዘንድ ነው፤ የሚመለሱት ሲመሽ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከእሱ ጓደኞች ጋር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የቤት ሥራ አለ። «እናትሽ ጋ መሄድ በዛ» ይላል እሱ። «ጓደኞችህስ?» ትላለች እሷ። ጠቡ ስለ ሰዎች ይመስላል፣ የጠፋው ግን ሰዓት ነው።

አማካሪ መጀመሪያ የሚያስደርገው የወሩን ቀናት በወረቀት ማስፈር ነው። አራቱም እሁድና አራቱም የቅዳሜ ከሰዓት ተይዘዋል፤ ለሁለቱ ብቻ የቀረ የለም። የእሱ ወላጆች በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌሉ የሚታየውም ያኔ ነው። ከዚያ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል። አንደኛውና ሦስተኛው እሁድ አብረው እሷ ቤተሰቦች ዘንድ ይሄዳሉ። ሁለተኛውን እሷ ብቻዋን ትሄዳለች፣ እሱም የራሱን ወላጆች ይጠይቃል። አራተኛው የሁለቱ ነው። ከቅዳሜዎቹም አንዷ ለሁለቱ ትቀራለች። የእሷ ወላጆች በወር ሦስቴ ልጃቸውን ስለሚያዩ ያን ያህል አይጎዱም።

ለወላጅ የሚነግረው የራሱ ልጅ ነው። አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። «እሱ መምጣት አይፈልግም» ከተባለ ቅሬታው አማች ላይ ይወድቃል፣ ለዓመታትም ይቆያል። «እንዲህ ብናደርግ ይሻላል ብለናል» ሲባል ግን የሁለቱ ውሳኔ ይሆናል። ለድንገተኛ ግብዣ ደግሞ «ተነጋግረን እደውላለሁ» የሚለው መልስ ይበቃል።

ዕቅዱ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በአራተኛው እሁድ ነው። ቀኑ ነፃ ስለሚመስል ልብስ ማጠብ ይገባበታል፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብቅ የሚል ሰው። ሁለት ወር እንዲህ ካለፈ ቀኑ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው ማለት ነው። ያኔ ሰዓት ቆርጦ ከቤት መውጣት ይረዳል።

ስለ ጓደኞች የተሰበሰበው መረጃ አጭር ቢሆንም አንድ ነገር ይጠቁማል። በቤተ ሙከራ ከሌላ ጥንድ ጋር ስለ ራሳቸው ጠለቅ ብለው እንዲያወሩ የተደረጉ ጥንዶች፣ ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ ከገዛ አጋራቸው ጋር ጭምር ይበልጥ መቀራረባቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ ከሰው ጋር ያለፈ ምሽት ሁሉ ከጥንዶቹ የተቀነሰ አይደለም።

ክፍፍሉ ሕመም፣ ሐዘን ወይም አራስ ቤት ሲኖር ይቆማል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ ሁሉ የሚያግድ፣ ስልኩን የሚቆጣጠር ወይም መውጣቱን በቅጣት የሚያስከፍል ከሆነ ግን ጉዳዩ የጊዜ ክፍፍል መሆኑ ቀርቷል። ያ ጥቃት ነው፣ የቀን መቁጠሪያም አይፈታውም።