ትራንስፈር ፈንክሽን የሚደብቀው ስቴት

ይህን ስቴት ስፔስ ሞዴል እንውሰድ፦

```
x1' = x1
x2' = -2*x2 + u
y   = x1 + x2
```

ትራንስፈር ፈንክሽኑ ሲሰላ `1/(s+2)` ብቻ ይወጣል፤ ሲስተሙ የተረጋጋ ይመስላል። ስሌቱ ግን የሚነሳው የመነሻ ሁኔታዎችን ዜሮ አድርጎ ነው። `x1` ከ0.01 ቢጀምር በ5 ሰከንድ 1.48 ገደማ ይደርሳል፤ `u` ምንም አያደርገውም። የ`[B AB]` ራንክ 2 መሆን ሲገባው 1 የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሲስተሙ ኮንትሮለብል አይደለም። ኦብዘርቨብል ግን ነው፤ የ`[C; CA]` ራንክ 2 ስለሆነ የ`x1` እድገት `y` ላይ ይታያል።

አሁን `u` ወደ `x1`ም ይግባ፣ `y` ደግሞ `x2` ብቻ ይሁን። ነገሩ ይገለበጣል፦ `x1`ን መቆጣጠር ይቻላል፣ ሴንሰሩ ግን አያየውም። ትራንስፈር ፈንክሽኑ ያው `1/(s+2)` ነው። ይሄኛው ይበልጥ ያሰጋል፤ `y` ጸጥ ብሎ ሳለ `x1` ውስጥ ውስጡን ያድጋል። ጌይን መቀየር አያድነውም፤ `x1`ን የሚለካ ሴንሰር መጨመር ያስፈልጋል።