አድቨርስ ያው፦ አውሮፕላን ሲያጋድል አፍንጫው ለምን ወደ ተቃራኒው ይሸሻል?

አዘዞ በሚገኘው የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ወደ ግራ የሚታጠፍ አውሮፕላን በመጀመሪያ የግራ ክንፉን ዝቅ አድርጎ ያጋድላል። ትንሽ አውሮፕላን ከሆነና አብራሪው በእግሩ ካላገዘው አፍንጫው ለአፍታ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይህ ክስተት አድቨርስ ያው ይባላል።

ምክንያቱ ያለው በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ፣ ወደ ጫፍ በተገጠሙት አይለሮን በተባሉ ታጣፊ ክፍሎች ላይ ነው። ወደ ግራ ለማጋደል የቀኙ አይለሮን ወደ ታች፣ የግራው ወደ ላይ ይታጠፋል። የቀኙ ክንፍ የማንሳት ኃይሉ ሲጨምር ከማንሳት ጋር አብሮ የሚመጣው ጎታች ኃይልም ስለሚጨምር፣ ከፍ የሚለው ክንፍ ወደ ኋላ ይቀርና አፍንጫውን ወደ ራሱ ይስባል። ከዚህም ሌላ ክንፉ ከፍ በሚልበት ጊዜ የማንሳት ኃይሉ በጥቂቱ ወደ ኋላ፣ ዝቅ የሚለው ክንፍ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚያመዝን ግን እንደ አውሮፕላኑ ይለያያል። ፍጥነት ሲቀንስና ክንፍ ሲረዝም ችግሩ ስለሚብስ፣ ሞተር አልባ ተንሸራታቾች ላይ በጉልህ ይታያል።

ነገሩን በመጀመሪያ በአግባቡ የመረመሩት የራይት ወንድማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 ተንሸራታቻቸው ክንፉን በመጠምዘዝ ሲያጋድል አንዳንዴ ወደ ተቃራኒው ሲዞር አዩ። በ1902 ከኋላ የማይንቀሳቀሱ ቋሚ ክንፎች ተከሉ፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ወደ ዝቅተኛው ጎን ሲንሸራተት ቋሚዎቹ ክንፎች የበለጠ እያዞሩት የክንፉ ጫፍ አሸዋ ይቆፍር ነበር። ኦርቪል ይህ የኋላ ክንፍ ተንቀሳቃሽ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ዊልበር ደግሞ ከክንፍ መጠምዘዣው ጋር በገመድ እንዲያያዝ አደረገ። ዛሬ ራደር የምንለው ቁጥጥር ዋና ሥራውን ያገኘው ያኔ ነው፤ በ1905 ግን ሁለቱን ለያይተው ለየብቻ መቆጣጠር ጀመሩ።

አብራሪው ስህተቱን የሚያውቀው በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ በጎባጣ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በምትንከባለለው ኳስ ነው። ወደ ግራ እያጋደለ ኳሷ ወደ ግራ ከሸሸች ራደሩን የሚያንቀሳቅሰውን የግራ ፔዳል ይጫናል፤ ማጋደሉ ሲበቃና አይለሮኖቹ ወደ መካከል ሲመለሱ ግፊቱን ያላላል። ከመታጠፊያው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ደግሞ ቀኝ እጅና ቀኝ እግር አብረው ይሠራሉ፤ ብዙ ተማሪዎች የሚዘነጉት ይህን የመመለሻ እግር ነው።

መሐንዲሶች በበኩላቸው ወደ ላይ የሚታጠፈው አይለሮን ወደ ታች ከሚታጠፈው የበለጠ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። በሴስና 172 ላይ መጠኑ 20 ዲግሪ ወደ ላይ፣ 15 ዲግሪ ወደ ታች ነው። ይህም የሚነሳውን ክንፍ ጎታች ኃይል ይገድባል፤ ዝቅ የሚለውን ክንፍ ደግሞ በተጨማሪ ጉተታ ይይዘዋል። ሆኖም አድቨርስ ያውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። አየር መንገዳችን ወደ ጎንደር በሚያበርረው ዳሽ 8 ኪው 400 ላይ ዝቅ በሚለው ክንፍ ላይ የሚነሱ ስፖይለር የተባሉ ሳንቃዎች በዚያ በኩል ጉተታ ስለሚጨምሩ አፍንጫው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ እንዲሄድ ያግዛሉ።

የትኛውም ዘዴ ቢኖር ግን በጣም ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወደ ታች የታጠፈ አይለሮን በዚያ ክንፍ ላይ የአየሩን መግጠሚያ ማዕዘን ስለሚጨምር፣ ክንፉ ከፍ ከማለት ይልቅ ማንሳቱን አጥቶ ሊወድቅ ይችላል።