«እያሰረች ነው» ወይስ «አስራለች»? የገበያ ቀን ታሪክ ለልጆች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ላይ ከውጭ ለሚመጡ ልጆች ፒያሳ አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 11 ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ሲወራ ሰምተው አድገዋል፤ ሲጠየቁ ግን የሚመልሱት በእንግሊዝኛ ነው። አሁን እየተደረገ ያለን ነገር የምንናገርበትን «እየ… ነው»ን ለማስተማር ከገበያ ቀን የሚሻል ቦታ አላውቅም። ወላጆችም ይህን አይተው አጭር ታሪክ ጽፈው ያመጡልኛል። ደስ ይለኛል። ከታሪኮቹ ጋር አብረው የሚመጡ አንዳንድ ሐሳቦች ግን ልጆቹን ያሳስታሉ።

«ገበያ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ነገር እያደረገ ነው። ስለዚህ ግሱን ሁሉ በ‹እየ… ነው› መጻፍ ነው።»

አንዲት እናት ያመጣችልኝ ታሪክ እንዲህ ይጀምራል፦ «ሴትዮዋ ቀይ ሻሽ እያሰረች ነው። ጥላ ሥር እየተቀመጠች ነው። ልጅ እያዘለች ነው። ሽንኩርት እየመዘነች ነው።»

ቀስ ብላችሁ አንብቡትና በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሴትዮዋ እጆቿን ወደ ማጅራቷ ልካ ሻሹን እየቋጠረች ነው። በዚያው ቅጽበት ጉልበቷን አጥፋ ወደ መሬት እየወረደች ነው። ልጁንም ጀርባዋ ላይ እያወጣች ነው። ሚዛኑንም ይዛለች። አራት እጅ ያስፈልጋታል። እናትየው ለመናገር የፈለገችው ግን ሻሿን አስራ፣ ልጇን አዝላ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የምትመዝን ሴት ነበረች። ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች በቦታው የተቀመጠው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ልብስን ሰውነት ላይ ለማድረግ አንድ አባባል፣ ለብሶ ለመቆየት ደግሞ ሌላ ቃል አለው። አማርኛ ለሁለቱም «ለበሰ»ን ይጠቀማል። ልዩነቱን የሚያሳየው የግሱ መልክ ነው። «እየለበሰች ነው» ካልን እጅጌው ገና አልገባም። «ለብሳለች» ካልን ልብሱ ላይዋ ላይ ነው። መልበሱ አልቋል፣ ውጤቱ ግን አሁንም ይታያል።

ክፍል ውስጥ ይህን በሻሽ አሳያለሁ። ሻሹን ግንባሬ ላይ አድርጌ ጫፎቹን ወደ ኋላ እየሳብኩ «ምን እያደረግኩ ነው?» እላለሁ። «እያሰርሽ ነው!» ይላሉ። ቋጠሮውን እጨርስና እጆቼን አውርዳለሁ። «አሁንስ?» ዝም ይላሉ። አንዱ ቀስ ብሎ «እያሰርሽ…» ይልና እጆቼን አይቶ ያቆማል። «አስረሻል» የሚለው ቃል የሚገባቸው እዚያ ላይ ነው። እጅ ሥራውን ጨርሶ ነገሩ እንዳለ ከቆየ «አስራለች»፤ እጅ ገና ሥራ ላይ ከሆነ «እያሰረች ነው»።

ገበያ ላይ በብዛት የሚመጡት እንዲህ ያሉ ግሶች ብዙ አይደሉም፦ ለበሰ፣ አሰረ፣ ያዘ፣ ተሸከመ፣ አዘለ፣ ተቀመጠ፣ ቆመ፣ ተኛ። ታሪክ ስትጽፉ እነዚህን አንድ በአንድ ፈትሹ። «ቆመ» በተለይ ያታልላል። «ታክሲው እየቆመ ነው» ካልን ፍሬን ይዟል፣ ሰዎች ወደ በሩ እየተጠጉ ነው። «ታክሲው ቆሟል» ካልን ረዳቱ መጥራት ጀምሯል።

እውነተኛው የአማርኛ ውበት ደግሞ ሁለቱ ሲጣመሩ ነው። «ልጇን አዝላ ሽንኩርት እየመዘነች ነው።» «ጆንያ ተሸክሞ እየሮጠ ነው።» የቆየው ነገር ፊት ይመጣል፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለው ኋላ ይከተላል። እኛ በየቀኑ የምናወራው እንዲህ ነው። ልጆቹም ከሁለት ቀን ልምምድ በኋላ ይይዙታል።

«‹ነው› ከሰውየው ጋር መስማማት አለበት። እየገዛሁ ነኝ፣ እየገዛን ነን።»

«ተማሪ ነኝ»፣ «ተማሪዎች ነን» የሚለውን የተማረ ልጅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ግን ማን እንደሆነ የሚናገረው ግሱ ራሱ ነው፦ እየገዛሁ ነው፣ እየገዛሽ ነው፣ እየገዛን ነው፣ እየገዙ ነው። «ነው» ከቦታው አይነቃነቅም። ለታላላቆች የምንጠቀምበት አክብሮትም ግሱ ውስጥ ይገባል፤ «አባባ ቡና እየጠጡ ነው» እንላለን። ሲፈርስም «እየገዛሁ አይደለም» ነው። «እየገዛች ናት» የሚል ሰው ትሰሙ ይሆናል። ለጀማሪ ግን አንዱን «ነው» ማስያዝ ይቀላል፣ የትም አያሳፍረውም።

ልጁ «ገዛሁ፣ ገዛሽ፣ ገዙ» ማለት ከቻለ ደግሞ አዲስ የሚማረው «እየ»ን ብቻ ነው። ያለፈ ነገር የሚመስለው ቃል አሁን ውስጥ መግባቱ እኛን አዋቂዎቹን ያስጨንቀናል እንጂ ልጆቹን ሲያስቸግራቸው አላየሁም። በ«አ» የሚጀምሩትን ብቻ ጮክ ብለው ይለማመዱ፦ አየ፣ እያየ፤ አለቀ፣ እያለቀ።

«‹ትሸጣለች› እና ‹እየሸጠች ነው› ያው ናቸው። ታሪኩ ውስጥ እንደመጣልን ብንቀላቅላቸው ምን አለበት?»

አለበት። «እማማ ምናለሽ ተራ ቅመም ይሸጣሉ» ማለት ሥራቸው ነው። ዛሬ ታመው ቤት ቢውሉም ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። «እየሸጡ ነው» ካልን ግን ደንበኛ ፊታቸው ቆሟል።

«ፈለገ» ላይ ደግሞ ትርጉሙ ራሱ ይለወጣል። «ሎሚ ትፈልጋለች» ካልን ሎሚ ብትሰጧት ደስ ይላታል። «ሎሚ እየፈለገች ነው» ካልን ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ነው። ልጆች «ውሃ እየፈለግኩ ነው» ሲሉኝ የጠፋ ኮዳ አብሬ ልፈልግ እነሳለሁ። ልዩነቱ ቶሎ ይገባቸዋል።

«ታሪኩ ስለ አንድ የግስ ጊዜ ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ብቻ መሄድ አለበት።»

በ«እየ… ነው» ብቻ የተጻፈ ታሪክ ወደፊት አይሄድም። አንዱ እየገዛ ነው፣ ሌላው እየሸጠ ነው፣ ሦስተኛው እየጮኸ ነው። ሥዕል ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም። ምንም አይደርስም፣ ምንም አያልቅም። ሌላም ጥያቄ አለ። ፊቱ የሚታየውን ነገር ማን ለማን ነው የሚናገረው? ሁለቱም እያዩት ከሆነ መናገር ምን ያደርጋል?

እኔ መፍትሔ ያገኘሁት ከስልክ ነው። አንዱ ገበያ አለ፣ ሌላው ቤት ቀርቷል፣ አያይም። ያኔ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ይሆናል። አንድ ነገር ሲያልቅ ደግሞ «ነቃ!»፣ «ቀነሰ!» እያለ ታሪኩ ይራመዳል። ከልጆቹ ጋር የምናነበው ይህን ነው፦

ቅዳሜ ነው። ስልክ ጠራ። ሚጣ አነሳችው።

«ሃሎ፣ አባባ! ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል፣ ሚጣዬ። የት ናችሁ?»

«መርካቶ ነን። በርበሬ በረንዳ ደርሰናል።»

«እናትሽ ምን እያደረገች ነው?»

«ዛላ በርበሬ እየመረጠች ነው። እኔ ዘንቢሉን ይዣለሁ። አባባ፣ በርበሬው እያስነጠሰኝ ነው… እጥሽ!»

«ይማርሽ! ሰው በዝቷል?»

«በጣም! አንድ ሰውዬ ጆንያ ተሸክሞ እየሮጠ ነው። ‹ዞር በሉ! ዞር በሉ!› እያለ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ልጅ አዝላ ሽንኩርት እየሸጠች ነው። ልጁ ተኝቷል።»

«በዚህ ሁሉ ጩኸት?»

«አዎ፣ ተኝቷል… ቆይ፣ እየነቃ ነው። ዓይኑን እየገለጠ ነው። ነቃ! አባባ፣ እያየኝ ነው!»

«በርበሬውስ?»

«እማዬ ዋጋ እየተከራከረች ነው። ሻጩ ‹አልቀንስም› እያለ ነው። እማዬ ትታው እየሄደች ነው… አባባ፣ እየጠራት ነው! ቀነሰ! እየመዘነላት ነው።»

«ጎበዝ! በሉ ቶሎ ኑ፣ ርቦኛል።»

«እየመጣን ነው፣ አባባ።»

ካነበብን በኋላ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሕፃኑ ነው። «ተኝቷል» ለምን አለች? ለምን «እየተኛ ነው» አላለችም? ሻሹን ያስታወሰ ልጅ ወዲያው ይመልሳል፤ መተኛቱን ጨርሷል፣ እንቅልፉ ላይ ነው። ቀጥሎ «ተኝቷል»፣ «እየነቃ ነው»፣ «ነቃ» የሚሉትን በፊታቸው እንዲጫወቱልኝ አደርጋለሁ። ዓይን ጨፍኖ፣ ዓይን እያሸ፣ ዓይን አፍጥጦ። ሦስቱን ሳያቀላቅል የተጫወተ ልጅ ገብቶታል ማለት ነው። «እየነቃ ነው» ስል ዓይኑን አፍጥጦ የሚጠብቀኝን ግን ወደ ሻሹ እመልሰዋለሁ። አባባ የተናገሩትን «ርቦኛል» የሚያነሳም አለ። «እየራበኝ ነው» ቢሉ ኖሮ ምሳው ትንሽ ቢዘገይም ይታገሱ ነበር።

ባለፈው አንዷ ተማሪዬ የመጨረሻውን መስመር በጣቷ ይዛ ተከራከረችኝ። «እየመጣን ነው አለች። ግን በርበሬው ገና ሚዛን ላይ ነው። አልተነሱም እኮ!» ልክ ናት፣ አልተነሱም። «መጣ» እና «ሄደ» ላይ አማርኛ እንዲህ ይፈቅዳል፤ ለመነሳት ከተዘጋጀን፣ ልባችን መንገድ ከጀመረ፣ «እየመጣን ነው» እንላለን። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እናቴ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ የምትለው ነው» አለችኝ። ጫማዋን እያሰረች? ብዬ ጠየቅኳት። «አይ፣» አለች፣ «አስራለች። ቁልፍ እየፈለገች ነው።»