የጥናት ፕሮግራሜ ሁሌ ይፈርሳል፦ የእሁድ ማታ ግምገማ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

"ፕሮግራሙን የማልጠብቀው ሰነፍ ስለሆንኩ ነው"

እስቲ መጀመሪያ እንደምረው። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ናቹራል ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 4 ሰዓት ብሎ 24 ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እሁድ ማታ ደብተር ላይ ሶስት መስመር አስምረን "ያሰብኩት፣ የሰራሁት፣ ለምን" ብለን ስንሞላው የተጠናው 11 ሰዓት ሆነ። ግን ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚያነባት ባዮሎጂ አንድ ቀንም አልተዘለለችም፣ ማታ ከ2 እስከ 3 ያለው ሂሳብም ቱቶሪያል ካለበት ማክሰኞ በስተቀር ተሰርቷል፣ የጠፋው ከ3 እስከ 5 የተፃፈው ፊዚክስ ነው፣ እሱ ደሞ ስድስቱንም ቀን ዜሮ! ልጁ በዛ ሰዓት እንቅልፉ መጥቶ ደብተሩ ላይ ነው የሚደፋው፣ ይሄ ስንፍና አይባልም።

ደሞ ከሚችለው በላይ የሚያቅደው እሱ ብቻ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የካናዳ ጥናት ላይ ተማሪዎች የመመረቂያ ፅሁፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ገደማ ነው የፈጀባቸው፣ ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳን 49 ቀን ነበር ያሉት።

"ያመለጠኝን ወደሚቀጥለው ሳምንት እጨምረዋለሁ"

24 ያልቻለ ልጅ 13 ሲጨመርበት 37 ሊያጠና ነው እንዴ? የሚቀጥለው ሳምንት ከ11 ነው የሚነሳው፣ በተግባር ከታየው። ቅዳሜ ከሰዓት 2 ሰዓት ባዶ ተትቶ መብራት ሲጠፋ ወይ እንግዳ ሲመጣ ያመለጠው እዛ ይገባል፣ እዛም ካልገባ ይሰረዛል፣ ያማል ግን ይሰረዛል።

"ግምገማ ማለት አዲስ ፕሮግራም ማውጣት ነው"

እኔ ራሴ በዚ ብዙ ተጃጅያለሁ፣ እሁድን ሙሉ በማርከር ሳስጌጥ ውዬ ሰኞ ደክሞኝ እተኛ ነበር። 20 ደቂቃ ይበቃል፣ የሚቀየረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሶስት ነገር ከቀየርክ የትኛው እንደሰራ በምን ታውቃለህ? እኛ የቀየርነው ፊዚክስን ንጋት ላይ አድርገን ባዮሎጂን ወደ ማታ ማውረድ ነበር፣ በሚቀጥለው እሁድ ከ11ዱ 10 ሰዓት ተሰርቶ ተገኘ።

"ሰዓቱን ከጠበቅኩ አጥንቻለሁ"

በሶስተኛው እሁድ መፅሀፉን ዘግተን ከሳምንቱ ፊዚክስ 5 ጥያቄ ሰጠሁት፣ አንድ ብቻ መለሰ። ለካ ስድስቱንም ንጋት የተሰሩትን ምሳሌዎች ሲያነብ ነው የከረመው፣ አንድም ጥያቄ በራሱ እጅ አልሰራም። ስለዚ "ፊዚክስ 1 ሰዓት" የሚለውን ሰርዘን "ሞመንተም፣ 8 ጥያቄ፣ መልሱን ሳላይ" ብለን ፃፍን።