ሁለተኛዋ ዜሮ ስንት ታስከፍላለች? ባለ አንድ ዜሮ እና ባለ ሁለት ዜሮ ሩሌት

ሩሌት በሚሽከረከር ጎማ ላይ የተለቀቀች ኳስ የት እንደምታርፍ የሚወራረዱበት ቁማር ነው፤ በዋናነት ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ጎማው ላይ ከ1 እስከ 36 ያሉ ቁጥሮች እና አንዲት አረንጓዴ ዜሮ አሉት። ኳሷ የምታርፍባቸው ጉድጓዶች በጠቅላላው 37 ናቸው። ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ሩሌት ይሉታል። ሁለተኛው በዚያው ላይ 00 ተብላ የምትጻፍ ሌላ አረንጓዴ ጉድጓድ ይጨምራል፤ 38 ይሆናል። ይህ የአሜሪካ ሩሌት የሚባለው ነው።

ሌላው ነገር ከሞላ ጎደል ያው ነው። በሁለቱም ላይ ቀዩ 18፣ ጥቁሩም 18 ነው። አንድ ቁጥር ላይ ያስያዘ ሰው ሲደርሰው የሚከፈለውም በሁለቱም እኩል ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድ ተጨመረ፣ ክፍያው ግን ፍንክች አላለም።

እንዴት እንደሚበላ ለማየት ቀላሉ መንገድ ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው። ባለ አንድ ዜሮው ጋ እያንዳንዱ ቁጥር ላይ፣ ዜሮዋንም ጨምሮ፣ በገንዘብ ምትክ የሚያስይዙትን ቺፕ አንድ አንድ አስቀምጡ እንበል። 37 ቺፕ ወጣ። ኳሷ የትም ብታርፍ አንዱ ቺፕ የግድ ያሸንፋል። ላሸነፈው 35 ይከፈላል፣ ራሱም ይመለሳል። እጃችሁ ላይ የሚገባው 36 ነው። ዕድል የሚባል ነገር ሳይገባበት በአንድ ዙር አንድ ቺፕ ጠፋ። ባለ ሁለት ዜሮው ጋ ይህንኑ ስታደርጉ 38 አውጥታችሁ 36 ትቀበላላችሁ። እዚህ የጠፋው ሁለት ነው።

ከ37 አንድ ማለት 2.70 በመቶ ነው። ከ38 ሁለት ማለት ደግሞ 5.26 በመቶ። ይህ የቤቱ፣ ማለትም የሚያጫውተው ካዚኖ፣ ድርሻ ነው። ቀይ ላይ፣ ጎዶሎ ላይ ወይም አንድ ቁጥር ላይ ብታስይዙ በየጎማው ድርሻው ያው ነው፤ ኋላ ከምናያት ከአንዲት ውርርድ በቀር። ቤቱ ጎማውን ማጭበርበር አያስፈልገውም። ትክክል ከሚሆነው ክፍያ ትንሽ ቀንሶ መክፈል ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚታለለው ልዩነቱን በማሸነፍ ዕድሉ ስለሚለካው ነው። ቀይ ላይ ያስያዘ ሰው ባለ አንድ ዜሮው ጋ የማሸነፍ ዕድሉ 48.6 በመቶ ነው። ባለ ሁለት ዜሮው ጋ 47.4 ይሆናል። «አንድ ነጥብ ምናምን፣ እና ምን ይጠበስ?» ሊባል ይችላል። ግን ተጫዋቹ የሚከስረው ከ48.6ቱ ላይ አይደለም። የሚከስረው ዕድሉ ሃምሳ ሃምሳ ከመሆን በጎደለባት ቀጭን ክፍተት ነው። ሁለተኛዋ ዜሮ የነካችው እሷን ነው፤ ወደ እጥፍ አስጠጋቻት።

አሁን ረጅሙን ጨዋታ እንይ። አንድ ሰው በየዙሩ ቀይ ላይ 10 ቺፕ ያስይዛል፤ 1,000 ዙር ይጫወታል። በጠቅላላው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው 10,000 ቺፕ ነው። ባለ አንድ ዜሮው ጋ በአማካይ 270 ቺፕ ይከስራል። ባለ ሁለት ዜሮው ጋ 526። የተጨማሪዋ ዜሮ ዋጋ 256 ቺፕ ሆነ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር በየ100 ዙሩ ወደ 26 ቺፕ፣ ማለትም ከሁለት ውርርድ ተኩል በላይ፣ በእሷ ሰበብ ብቻ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አለ፤ ጮሌ የሚባሉትም ይስቱታል። ሰውየው ይዞ የገባው 500 ቺፕ ነው እንበል። «ቤቱ የሚወስደው 5 በመቶ ነው፣ ከ500 ደግሞ 26 ገደማ ነው፣ ለመዝናኛ ብዙ አይደለም» ይላል። ድርሻው ግን የሚቆረጠው ኪሱ ካለው ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ካዞረው ነው። ሲያሸንፍ ያገኘውን መልሶ ያስይዛል። ያው ቺፕ ደጋግሞ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር ደግሞ ይቆረጥበታል። 500ው እንዲህ ሲሽከረከር ውሎ 10,000 ሊሞላ ይችላል። ያኔ የሚጠበቀው ኪሳራ 526 ስለሚሆን ይዞት የገባው በሙሉ አይበቃውም። ባለ አንድ ዜሮው ጋ ቢሆን ከ500ው 230ው ገደማ በተረፈው ነበር፤ በአማካይ።

በአማካይ የምትለዋን ቃል ግን ጠበቅ አድርጉ። በ1,000 ዙር ውስጥ የዕድል መዋዠቅ ብቻውን ውጤቱን ወደ ላይም ወደ ታችም 316 ቺፕ ያህል ማራቁ የተለመደ ነው። ይህ ከ256ቱ ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት ዜሮው ጋ የተቀመጠ ሰው አትርፎ ሊወጣ፣ ባለ አንድ ዜሮው ጋ ያለው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ከራሱ ውጤት ተነስቶ የትኛው ጎማ ጋ እንደነበር የሚያውቅ ተጫዋች የለም። «እኔ እኮ ባለ ሁለት ዜሮው ይቀናኛል» የሚለው ሰው አልዋሸም። ልዩነቱ በአንድ ሰው ምሽት ውስጥ ስለማይታይ ነው።

ዙሩ ሲበዛ ግን ይታያል። በ10 ቺፑ ተጫዋች እንሂድና ስንት ዙር ተጫውቶ አትርፎ የመነሳት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። ከ100 ዙር በኋላ ባለ አንድ ዜሮው ጋ 36 በመቶ ገደማ ነው፤ ባለ ሁለት ዜሮው ጋ 27 ገደማ። ብዙም አይራራቁም። በ1,000ኛው ዙር የመጀመሪያው 19 በመቶ ገደማ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ እያተረፈ ነው ማለት ነው። የሁለተኛው ወደ 4.5 ወርዷል፤ ከ22 ሰው አንድ። 10,000 ዙር ላይ ባለ አንድ ዜሮው ጋ ከ300 ሰው አንድ ያህል አሁንም ትርፍ ላይ ይገኛል። ባለ ሁለት ዜሮው ጋ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም።

ሰዎች በሞሉበት ጠረጴዛ በሰዓት 40 ዙር ያህል ይሄዳል ብንል፣ 1,000 ዙር የ25 ሰዓት ጨዋታ ነው። ሩቅ ይመስላል። በስልክና በኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ግን ተራ አይጠብቅም፤ ቁልፏን እየተጫነ ይሄዳል። እዚያ 1,000 ዙር ሳይታወቅ ያልቃል። እንደ እኔ ከሆነ የጎማው ዓይነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ስልኩ ላይ የሚጫወተውን ነው።

አንድ ሌላ ስሌት ደግሞ አለ፤ እኔን ከሁሉም ያስገረመኝ እሱ ነው። 100 ቺፕ የያዘ ሰው 200 እስኪሞላለት ወይም እስኪያልቅበት ድረስ ለመጫወት ወሰነ። ሙሉውን 100 በአንዴ ቀይ ላይ ቢያስይዝ፣ የማሳካት ዕድሉ ቅድም ያየነው 48.6 ወይም 47.4 ነው። ተጨማሪዋ ዜሮ ብዙም አትሰማም። ይህ ሰው ግን ጠንቃቃ ነው፤ በየዙሩ አንድ አንድ ቺፕ ብቻ ያስይዛል። ያን ጊዜ ባለ አንድ ዜሮው ጋ 200 የመድረስ ዕድሉ ከ224 አንድ ያህል ነው። ባለ ሁለት ዜሮው ጋስ? ከ37,000 አንድ እንኳ አይደርስም።

ሁለቱም ጋ የቤቱ ድርሻ በመቶኛ አልተቀየረም። የተቀየረው ድርሻው ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ሲያስይዝ ግቡ ጋ ለመድረስ በአማካይ ከሺህ በላይ ዙር ያስፈልገዋል፤ በዙሩ ሁሉ ክፍተቷ ትሠራበታለች። ይህን የምለው በአንዴ አስይዙ ለማለት አይደለም። እሱም ቢሆን ኪሳራ የሚጠበቅበት ውርርድ ነው። ማሳየት የፈለግኩት ጥንቃቄ የሚመስለው አጨዋወት ሁለተኛዋን ዜሮ ብዙ ጊዜ እንድትበላ እንደሚያደርጋት ነው። በተበላ ቁጥር ውርርዱን እጥፍ የማድረግ ዘዴም አያድንም። ብዙ ጊዜ ትንሽ ትርፍ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከባድ ኪሳራ ያመጣል እንጂ፣ ካስያዙት ጠቅላላ ቺፕ የሚሄደው ያው 2.70 ወይም 5.26 በመቶ ነው።

ቤቱ ራሱ የዜሮዋን ክብደት ካወቀ ቆይቷል። ፍራንሷ እና ሉዊ ብላን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1843 በጀርመኗ ባድ ሆምቡርግ ባለ አንድ ዜሮ ሩሌት ያስተዋወቁት ደንበኛ ከተፎካካሪዎቻቸው ለመሳብ ነበር። ከዙር የሚገኘው ድርሻ ቢያንስም፣ ቶሎ ያልተራገፈ ተጫዋች ረዘም አድርጎ ይቀመጣል፣ ተመልሶም ይመጣል።

ባለ አንድ ዜሮ በሆኑ አንዳንድ ጠረጴዛዎች ላይ ሌላም ደንብ አለ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ጎዶሎ፣ ሙሉ በመሳሰሉት እኩል የሚከፍሉ ውርርዶች ላይ ዜሮ ሲወጣ ካስያዙት ግማሹ ይመለሳል። በፈረንሳይኛ ላ ፓርታዥ ይሉታል። ድርሻውን ለእነዚያ ውርርዶች ወደ 1.35 በመቶ ያወርደዋል። የኛ የ10 ቺፕ ሰው እዚያ በ1,000 ዙር የሚከስረው በአማካይ 135 ነው፤ ባለ ሁለት ዜሮው ጋ ከሚከስረው ሩብ ገደማ። አንድ ቁጥር ላይ ያስያዘ ሰው ግን ከዚህ ደንብ ምንም አያገኝም።

ለመለየት የጠረጴዛውን ስም ማመን አያስፈልግም። ጎማውን ማየት ይበቃል። ባለ አንድ ዜሮው ላይ አረንጓዴዋ በ26 እና በ32 መካከል ብቻዋን ትቀመጣለች። ባለ ሁለት ዜሮው ላይ 0 በ2 እና በ28 መካከል ናት፤ 00 ደግሞ ፊት ለፊቷ፣ በ1 እና በ27 መካከል። ሦስት አረንጓዴ ከቆጠራችሁም ዓይናችሁ አላታለላችሁም። ባለ ሦስት ዜሮ ጎማ በላስ ቬጋስ አለ፤ ክፍያው እዚያም ያው ስለሆነ ድርሻው 7.69 በመቶ ነው።

ቅድም የተውናት ውርርድ ያለችው ባለ ሁለት ዜሮው ጠረጴዛ ላይ ነው። 0፣ 00፣ 1፣ 2 እና 3ን በአንድ ላይ የምትይዝ የአምስት ቁጥር ውርርድ ናት። ስትደርስ 6 ለ1 ትከፍላለች። 38 ዙር አንድ አንድ ቺፕ ያስያዘባት ሰው በአማካይ አምስት ጊዜ ያሸንፋል፤ በየጊዜው ሰባት ቺፕ ይቀበላል። 38 አውጥቶ 35 መቀበል ነው። ሦስቱ ቤቱ ጋ ቀሩ፤ 7.89 በመቶ። ዜሮዎቹን ፈርቶ «እነሱንም ልያዛቸው» ያለ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ቺፑን የሚያስቀምጠው እዚችው ላይ ነው።