ከአቅራቢ የመጣን ስጦታ «በመመሪያ መመለስ» ምንድን ነው?

ለመሥሪያ ቤታችሁ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ስጦታ ይልክላችኋል። እናንተም አመስግናችሁ «መመሪያችን አይፈቅድም» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የሚከብደው እኛ ዘንድ እምቢታ እንደ እምቢታ ስለማይቆጠር ነው።

ሰው ቤት ሄደን ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ «ኧረ በልቻለሁ» እንላለን። ባለቤቱ «በሞቴ!» ይላል። እኛ አሁንም እናንገራግራለን፤ በሦስተኛው እጃችንን እንታጠባለን። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ የአቅራቢው የሽያጭ ሠራተኛም ያውቀዋል። ስለዚህ «ኧረ አያስፈልግም፣ ምን አስቸገራችሁ» ስትሉት የሚሰማው «ትንሽ ለምነኝ» የሚል ነው። ይለምናችኋል። እውነተኛ እምቢታችሁን ከይሉኝታ እምቢታ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ውሳኔው የእናንተ አለመሆኑን ማወቁ። መመሪያ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። በሞቴ ብሎ ሰውን መለመን ይቻላል፤ መመሪያን ግን አይቻልም።

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። ለድርጅታችሁ ብሮሹርና ደረሰኝ የሚያትም ማተሚያ ቤት አለ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሾፌሩ እንግዳ መቀበያው ላይ ካርቶን ትቶ ይሄዳል። ካርቶኑ ላይ የግዥ ሠራተኛዋ ስም ተጽፏል። ውስጡ የማተሚያ ቤቱ ስም ያለበት ካላንደርና አጀንዳ፣ አንድ ጠርሙስ ውስኪ፣ ከሥሩ ደግሞ የሱፐርማርኬት ኩፖን አለ።

ካላንደሩና አጀንዳው ብዙ ጊዜ አያጣሉም። የድርጅት ስም የታተመበትና ዋጋው አነስተኛ የሆነ ዕቃ በአብዛኛው መመሪያ ይፈቀዳል። ውስኪው እንደ መመሪያው ነው። ኩፖኑ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ወረቀት ስለሆነ ብቻ ሌላ ነገር አይሆንም። ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከአንድ ምንጭ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ ከ50 ዶላር ያልበለጠ ስጦታ መቀበል ይችላል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በበኩሉ ከአቅራቢ ምንም ዓይነት ስጦታም ሆነ ግብዣ እንደማይቀበል ለአቅራቢዎቹ ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ በግልጽ ጽፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሱ ዕቃ የሚያቀርቡ ይህን ያውቁታል።

የዚች ሠራተኛ መሥሪያ ቤት መመሪያ መጠጥና ኩፖን ይከለክላል እንበል። በዚያው ቀን እንዲህ ብላ ብትጽፍ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለበዓሉ ስላሰባችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። ካላንደሩና አጀንዳው ደርሶናል። ውስኪውንና ኩፖኑን ግን መቀበል አልችልም። የድርጅታችን የስጦታ መመሪያ ሠራተኞች ከማንኛውም አቅራቢ መጠጥና ኩፖን እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ይህ ለሁሉም አቅራቢዎቻችን እኩል ይሠራል። ነገ ጠዋት በሾፌራችን እንልካቸዋለን፤ እባክዎ መረከባችሁን ይፈርሙልን። የተጀመረው የሕትመት ሥራ በውሉ መሠረት ይቀጥላል። መልካም አዲስ ዓመት። ግልባጭ፦ ለክፍሉ ኃላፊ።»

«ለሁሉም አቅራቢዎቻችን» የሚለው ሰውየውን ከስድብ ያድነዋል። እሱ ተለይቶ እንዳልተጠረጠረ ይነግረዋል። «ነገ ጠዋት በሾፌራችን» የሚለው ደግሞ ክርክሩን ይዘጋል፤ ዕቃው እየተመለሰ ነውና «ይቅር፣ አንቺው ጋር ይቀመጥ» የሚባልበት ጊዜ የለም። ስለ ውሉ የተጻፈው ሊጠይቅ ያልደፈረውን ጥያቄ ይመልስለታል። ስጦታው የተመለሰበት አቅራቢ መጀመሪያ የሚያስበው «ሥራው ሊቀርብን ነው እንዴ?» ብሎ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ወደፊትም አብረን እንሠራለን» ብሎ ማጽናናት ያልተወሰነ ግዥ ቃል መግባት ይሆናል። ግልባጩና የርክክቡ ፊርማ ለሠራተኛዋ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ «ኩፖን በልታለች» የሚል ወሬ ቢነሳ አንድ ወረቀት ማውጣት ብቻ ይበቃታል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እምቢ ለማለት ሌላ ሰበብ ሲፈልግ ነው። «ውስኪ አልጠጣም» ካላችሁ በሚቀጥለው በዓል ማር ይመጣል። «ጾም ላይ ነኝ» ካላችሁ ለፋሲካ ይጠብቃችኋል። «አለቃዬ አይወድም» ካላችሁ ካርቶኑ ወደ አለቃችሁ ይዞራል። «አሁን ጨረታ ላይ ነን» ማለት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ጨረታው ካለቀ በኋላ ና እንደማለት ነውና። (በነገራችን ላይ የእሱ ድርጅት የተወዳደረበት ጨረታ ክፍት ከሆነ ካላንደሩም ቢመለስ ይሻላል። ዋጋው ኢምንት ቢሆንም የተሸነፈው ተጫራች ጠረጴዛችሁ ላይ ያየዋል።)

መመለስ የሚያስቸግር ስጦታም አለ። ቤት ድረስ የተላከ በግ ለምሳሌ። በጉን አስሮ ማሳደር ያስቃል፣ ግን የሚደረገው ያው ነው። ወዲያው ለኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከተቻለ መመለስ፣ ካልተቻለ ድርጅቱ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጠው ማድረግ፣ ለላኪውም የት እንደደረሰ መንገር። ኬክና ፍራፍሬ ሲሆን ብዙ ቦታ ሻይ ክፍል ወጥቶ ሁሉም ሠራተኛ ይካፈለዋል። በቴሌብር የገባ ብር ግን ተካፍሎ የሚበላ አይደለም። ለላከው ሰው በዚያው ቀን መልሶ መላክና የሁለቱንም ዝውውሮች መልእክት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለሚስት፣ ለባል ወይም ለልጅ የተሰጠም ለእናንተ እንደተሰጠ ነው የሚቆጠረው።

ከመመሪያው ጀርባ ሕግ አለ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አዋጁ «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚላቸውንም ይጨምራል፤ ማለትም ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ዘርፍ አካላትን። ዕድር ግን ከዚህ ውጭ ነው። ከሕዝብ አክሲዮን የሸጠ ኩባንያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ «እኛ የግል ነን» ማለት አያዋጣም። ደብዳቤው ላይ ግን ሕጉን አለመጥቀስ ይመረጣል። የበዓል ውስኪ ለላከ ሰው የአዋጅ ቁጥር መጻፍ ወንጀለኛ ነህ እንደማለት ይሆናል፤ የድርጅቱ መመሪያ ለስላሳ ነው።

ድርጅታችሁ የስጦታ መመሪያ ባይኖረውስ? የሌለ መመሪያ አትጥቀሱ። አቅራቢው ከሌላ ክፍል ጋርም ይሠራል፤ እዚያ ስጦታው መወሰዱን ያውቃል። ውሸታችሁ ሲገለጥ እምቢታችሁ በእሱ ላይ ያደረጋችሁት ንቀት ሆኖ ይቀራል። ለኃላፊያችሁ «ከአቅራቢ ስጦታ መጥቷል፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ የሚመጣው መልስ፣ ሁለት መስመር ቢሆንም፣ የምትጠቅሱት ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነሐሴ ላይና ታኅሣሥ ላይ፣ ካርቶኖቹ መጓዝ ሳይጀምሩ፣ ለአቅራቢዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ ይቻላል፦ ስጦታ አንቀበልም፣ የመልካም ምኞት ካርድ ግን በደስታ እንቀበላለን።